በሰው ከንፈር አማርኛ መጻፍ

በአማርኛ ድምፅ የተሠራ የውጭ ድራማ የሚመለከት ሰው፣ ሥራው ጥሩ ሲሆን ምንም አይታወቀውም። ታሪኩን ይከታተላል፣ ያዝናል፣ ይናደዳል። ሥራው ሲበላሽ ግን ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ወዲያው ይቆረቁረዋል። ተዋናዩ አፉን ከገጠመ በኋላ ድምፁ ይቀጥላል። ወይም ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ይጠፋል። ወይም ደግሞ ከንፈሮቹ አንድም ጊዜ ሳይነካኩ «በፍጹም አላምንም» ሲል ይሰማል።

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከያዘ ወዲህ፣ ይህ ሥራ በየሳሎኑ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ድራማዎቹ በባህል ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ብዙ ተብሏል፤ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ሰዎችም ቅሬታቸውን አሰምተዋል። አማርኛው ራሱ በምን ዘዴ ተጽፎ በቱርካዊው ተዋናይ አፍ ውስጥ እንደሚገባ ግን እምብዛም ሲነገር አንሰማም። እኔን የሚደንቀኝ ይኸኛው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በቋንቋችን ከሚሠሩ ጽሑፎች ሁሉ እንደዚህ የታሠረ መጠን የተጣለበት ከግጥም በቀር አላውቅም።

የዳቢንግ ስክሪፕት የሚጻፈው በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያ ተርጓሚው ንግግሩን ወደ አማርኛ ይመልሳል። ቀጥሎ ትርጉሙን ከሥዕሉ ጋር እያስተያየ የሚያስማማ ጸሐፊ ይረከበዋል። አንዳንድ ቦታ ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ሥራው ሁለት ነው። ትርጉሙ ትክክል የሆነ ዓረፍተ ነገር ሥዕሉ ላይ ጨርሶ የማይገጥም ሊሆን ይችላልና።

ጸሐፊው ፊት ቪዲዮውና የንግግሩ ዝርዝር ይቀመጣሉ። ዝርዝሩ ማን፣ በስንት ደቂቃና ሰከንድ ላይ፣ ምን እንዳለ ይናገራል። የቱርክ ድራማ ሲሆን ይህ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። እንግሊዝኛው ፍሬ ነገሩን ቢነግርም የሚታዩት ከንፈሮች የሚናገሩት ቱርክኛ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቱርክኛ ባይችልም እንኳ የቱርክኛውን ድምፅ ደጋግሞ መስማት፣ ድምፁን ዘግቶም አፉን ብቻ ማየት አለበት። ከወረቀቱ ብቻ የተጻፈ ስክሪፕት ስቱዲዮ ሲደርስ መፍረሱ አይቀርም።

ፍሬደሪክ ቻውሜ የተባለው የስፔን የዳቢንግ ተመራማሪ ሦስት ዓይነት መግጠም ለይቶ ያስቀምጣል፤ የንግግር ርዝመት፣ የከንፈር ቅርጽና የሰውነት እንቅስቃሴ። ከሦስቱ ርዝመቱ ይቀድማል። ከንፈሩ በትክክል ባይገጥም ተመልካች ብዙ ጊዜ ይታገሣል፤ በተዘጋ አፍ የሚናገር ሰው ሲያይ ግን አይታገሥም።

ርዝመት ሲባል የሚጀመርበት ቅጽበት፣ በመካከል የሚታረፍበት ቦታና የሚያበቃበት ቅጽበት ነው። በቱርክ ቴሌቪዥን አንድ ሰከንድ 25 ፍሬም አለው፤ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው የድምፅና የሥዕል መለኪያ መሠረት፣ ድምፁ ከሥዕሉ 45 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከቀደመ ሰው ልዩነቱን ማስተዋል ይጀምራል። ወደ ኋላ ከቀረ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ላያስተውለው ይችላል። ነገሩ ከተፈጥሮ ጋር ይሄዳል፤ ሩቅ ቆሞ እንጨት የሚፈልጥን ሰው ስናይ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ድምፁ ቢደርሰን አንገረምም፤ ቀድሞ ቢደርሰን ግን እንደነግጣለን። ለጸሐፊው ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ ቃል በትክክል የማይገጥም ከሆነ ከአፉ ቀድሞ ከሚመጣ ትንሽ ቢዘገይ ይሻላል።

ርዝመቱን ለመለካት ፊደል መቁጠር አይጠቅምም። የሚቆጠረው ገጣሚዎች ቀለም የሚሉት፣ አፍ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የሚወጣው የድምፅ ክፍል ነው። «ከእንግዲህ» ሲጻፍ ስድስት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን «ከን፣ ግ፣ ዲህ» ሦስት ቀለም ብቻ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይነገራል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ የሚጠብቅ ፊደል ደግሞ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ጸሐፊው ጮክ ብሎ፣ ከተዋናዩ ጋር እኩል እየጀመረና እኩል እየጨረሰ ያነባል። በዓይን ብቻ የሚጽፍ ሰው መሳሳቱን የሚያውቀው ተዋናዩ ማይክሮፎን ፊት ትንፋሽ ሲያጥረው ነው።

በዚህ ረገድ ከቱርክኛ ወደ አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ቱርካዊው ተዋናይ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው፣ ጠረጴዛውን የሚመታው፣ ዓይኑን የሚያፈጠው ብዙ ጊዜ ግሡ ላይ ሲደርስ ነው፤ አማርኛውም ግሡን እዚያው ያገኘዋል። ከእንግሊዝኛ ፊልም ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እንግሊዝኛ ግሡን ቀድሞ ይናገርና ቦታውንና ጊዜውን አስከትሎ ያመጣል። አማርኛው በራሱ ሥርዓት ሲሄድ፣ ተዋናዩ ጠረጴዛውን የመታው «ትናንት» በሚለው ቃል ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አፍ የማይታይበት ጊዜ ደግሞ ለጸሐፊው እፎይታ ነው። ተናጋሪው ጀርባውን ሲሰጥ፣ ስልክ ወይም ሲጋራ አፉን ሲሸፍን፣ ካሜራው አድማጩን ሲያሳይ፣ በዚያ መካከል ጥቂት ቀለም መጨመር ይቻላል። የቱርክ ድራማዎች የአድማጩን ፊት ረዘም አድርገው ማሳየት ይወዳሉ፤ ስለዚህ ለማጠር እምቢ ያለ ነገር የሚገባበት ቀዳዳ ብዙ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ገና ከመጻፉ በፊት ትዕይንቱን አንድ ጊዜ አይቶ የተናጋሪው አፍ የሚታይባቸውንና የማይታይባቸውን ንግግሮች ለይቶ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ጭንቀቱን ሁሉ በቅርብ ለተቀረጹት ፊቶች ያውለዋል።

አሁን ወደ ከንፈሩ እንምጣ። በቅርብ በተቀረጸ ፊት ላይ ከሩቅ የሚታየው ነገር የከንፈር መገጠም ነው። በአማርኛ ከንፈርን የሚያስገጥሙት በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ ናቸው። ፈ እና ቨ የታችኛውን ከንፈር ከጥርስ ጋር ያነካሉ፤ ይታያሉ፣ ነገር ግን እንደነዚያ ጎልተው አይደለም። ቀ፣ ገ፣ ከ፣ ረ፣ ነ፣ ሰ የሚሠሩት በአፍ ውስጥ ስለሆነ ካሜራ አያያቸውም፤ አንዱን በሌላው ቢተኩ ተመልካች አያውቅም። ይህ ለጸሐፊው ትልቅ ነጻነት ነው።

አናባቢዎችን በተመለከተ የፊደል ገበታችን ራሱ የከንፈር ሰንጠረዥ ሆኖ ያገለግላል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፤ ወ፣ ቋ፣ ኳ፣ ጓም እንደዚሁ። ራብዕ አፍን በሰፊው ይከፍታል። ሣልስና ኃምስ ከንፈርን ወደ ጎን ይስባሉ። ግዕዝና ሳድስ በመካከል ስለሚገኙ ከየትኛውም ጋር ይስማማሉ። ስለዚህ ቱርካዊው አፉን በሰፊው ከፍቶ ሲጮህ የሚፈለገው ራብዕ ያለበት ቃል ነው፤ በዚያ ቦታ «ሁሉ» የሚለውን ማስገባት አፉን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

የከንፈር መገጠም ለምን እንዲህ እንደሚጎላ የሚያስረዳ ሙከራ አለ። ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ «ጋ» እያለ በሚታይ ሰው አፍ ላይ «ባ» የሚል ድምፅ ሲጫን ብዙ ተመልካቾች «ዳ» እንደሚሰሙ አሳይተዋል። ጆሯችን ብቻውን አይሰማም፤ ዓይናችን ያየውን ይዞ ይተባበረዋል። ከንፈር ሳይገጥም «ባ» ሲሰማ አእምሮ ሁለቱን ማስታረቅ አለበት፤ በየዓረፍተ ነገሩ ሲሆን ማስታረቁ ይደክማል። ይህን የሚያካክስ ነገር ደግሞ በቅርብ ዓመታት ተጠንቷል። ፓብሎ ሮሜሮ ፍሬስኮ የተባለው ተመራማሪ የስፔን ተመልካቾችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ፣ ዳቢንግ የለመዱ ሰዎች በተተረጎመ ፊልም ላይ ከአፍ ይልቅ ዓይን ዓይኑን እንደሚያዩ ደርሶበታል። የለመደ ተመልካች ሳያውቀው ከጸሐፊው ጋር ይተባበራል ማለት ነው። ትብብሩ ግን የሚዘልቀው አፉ በጉልህ እስካልከዳው ድረስ ነው።

ቱርክኛ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለው። «እኔ» የሚለው ባለቤት በግሡ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ በ«ም» ይገለጻል። «ቢሊዮሩም» ማለት «አውቃለሁ» ነው፤ በ«ቢ» ከንፈር ገጥሞ ይጀምርና በ«ም» ገጥሞ ያበቃል። የእኛ «አውቃለሁ» በተከፈተ አፍ ይጀምራል፤ መጨረሻው ከንፈርን ያሞጠሙጣል እንጂ አይገጥምም። አራት ቀለም ለአራት ቀለም ስለሆነ ርዝመቱ ልክ ነው፤ አፉ ግን በሁለቱም ጫፍ ይከዳል።

አማርኛ በ«ም» የሚያበቃ ግሥ የሚያገኘው በአሉታ ነው፤ አልሄድም፣ አላየሁም፣ አልፈልግም። ስለዚህ ልምድ ያለው ጸሐፊ አዎንታውን በአሉታ መንገድ ይናገረዋል። «አልጠፋኝም» አራት ቀለም ነው፤ ትርጉሙ ያው «አውቃለሁ» ነው፤ መጨረሻውም ከንፈር ይገጥማል። መነሻው ላይ መገጠም ካስፈለገ ደግሞ «መች ጠፋኝ» አለ፤ እሱ በ«መ» ይጀምራል፣ መጨረሻው ግን ክፍት ነው። ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ቃል ስላልተገኘ ሥዕሉ ይወስናል። ተዋናዩ ከተናገረ በኋላ ዝም ብሎ ፊቱ በስክሪኑ ላይ የሚቆይ ከሆነ መጨረሻው ይበልጣል። ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚናገርና ወዲያው ሥዕሉ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ መነሻው ይበልጣል።

አንድ ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ብንሠራው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ለማሳያ ያህል እኔ ያዘጋጀሁት ተራ የቱርክኛ ንግግር ነው። አንድ ታላቅ ወንድም ታናሹን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊቱ በቅርብ እየታየ እንዲህ ይለዋል፤ «ባና ባክ። ኦ ኤቬ ቢር ዳሃ ጊትሜዬጄክሲን።» ታናሹ «ታማም» ብሎ ይመልሳል። ቃል በቃል «እየኝ፤ ወደዚያ ቤት ሌላ ጊዜ አትሄድም» እና «እሺ» ማለት ነው። «ባና ባክ» ግን በቱርክኛ የማስጠንቀቂያ መክፈቻ ነው፤ ዓይንን አዙሮ ማየትን የሚያዝ አይደለም።

ያልተጠነቀቀ ትርጉም «ወደ እኔ ተመልከት! ወደዚያ ቤት ከአሁን በኋላ እንደገና እንዳትሄድ አስጠነቅቅሃለሁ» ይላል። ስህተት የለበትም። ነገር ግን የመጀመሪያው ሐረግ ሦስት ቀለም በነበረበት ቦታ ሰባት አስገብቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከአሥራ አንድ ወደ ሃያ ምናምን ዘልሏል። ተዋናዩ ይህን ሊያነብ ቢሞክር እንደ ሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ መሮጥ አለበት፤ ማስፈራራቱም ይጠፋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቱርክኛው ይበተናል። «ባ፣ ና፣ ባክ» ሦስት ቀለም ነው፤ ከንፈር በአንደኛውና በሦስተኛው ይገጥማል፤ ሁለቱም በሰፊው ይከፈታሉ። ከዚያ አጭር ዕረፍት አለ። «ኦ፣ ኤ፣ ቬ፣ ቢር፣ ዳ፣ ሃ፣ ጊት፣ ሜ፣ ዬ፣ ጄክ፣ ሲን» አሥራ አንድ ቀለም ነው፤ አንደኛው ከንፈርን ያሞጠሙጣል፣ ሦስተኛው በጥርስ ያነካል፣ አራተኛውና ስምንተኛው ያስገጥማሉ። ፈረንሳዮች ይህን ሥራ የሚሠሩት በሥዕሉ ሥር በሚንሸራተት የጽሑፍ ጥብጣብ ላይ ነው፤ ፊደሎቹ እንደ ንግግሩ ፍጥነት ይለጠጣሉ ወይም ይጠባሉ፣ ከንፈር የሚገጥምባቸው ቦታዎችም በምልክት ይታወቃሉ። ጥብጣብ የሌለው ጸሐፊ ያንኑ በእርሳስ ወረቀቱ ላይ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ሐረግ በደስታ ይገጥማል። «በል ስማኝ» አማርኛ ተናጋሪ ሊያስፈራራ ሲል የሚጀምርበት የተለመደ አነጋገር ነው። «በል፣ ስ፣ ማኝ» ሦስት ቀለም ነው፤ አንደኛው በ«በ»፣ ሦስተኛው በ«ማ» ከንፈር ያስገጥማሉ፤ «ማ» እንደ «ባክ» በሰፊው ይከፈታል። ዓይን «ባ» እና «ማ»ን ስለማይለይ አንዱ በሌላው ቦታ መግባቱ አይታወቅም።

ሁለተኛው ያስቸግራል። «ወደዛ ቤት» የሚለው ጥሩ መነሻ ነው፤ «ወ» እንደ «ኦ» ያሞጠሙጣል፣ «ቤት» ደግሞ በአራተኛው ቀለም ላይ «ቢር»ን ያገኘዋል። በጽሑፍ «ወደዚያ» ብንል ያምር ነበር፤ አንድ ቀለም ስለሚጨምር ግን «ቤት» አምስተኛ ላይ ይወድቃል፤ ደግሞም በንዴት የሚናገር ወንድም «ወደዛ» ነው የሚለው። ቀጥሎ «ሁለተኛ እንዳትሄድ» ብንሞክር ድምሩ አሥራ አንድ ይሆናል፤ ርዝመቱ ልክ ነው። ስምንተኛው ቀለም ግን «ኛ» ነው፤ ተዋናዩ ከንፈሩን ገጥሞ እያለ በአፍ ስፋት «ኛ» ይሰማል። «ሁለተኛ ብትሄድ!» ብንለው «ብት» ከንፈር ያስገጥማል፤ ግን ዘጠነኛ ላይ ነው፣ በአንድ ቀለም ዘገየ። «ዳግመኛ ብትሄድ!» ስንል «ብት» በትክክል ስምንተኛ ላይ ይመጣል፤ ነገር ግን «መ» ስድስተኛ ላይ፣ ቱርካዊው «ሃ» ብሎ አፉን በከፈተበት ቦታ ይገባል።

የሚያስፈልገው ከንፈር የማያስገጥም፣ ሦስት ቀለም ያለው፣ «ዳግም» ማለት የሚችል ቃል ነው። «ከእንግዲህ» ያሟላል። «ወደዛ ቤት ከእንግዲህ ብትሄድ!» ሲባል ከንፈሩ በአንደኛው ይሞጠሙጣል፣ በአራተኛውና በስምንተኛው ይገጥማል። በሁለት ቀለም አጥሯል፤ ዘጠኝ ነው። ማስፈራሪያ ስለሆነ ግን ተዋናዩ «ብትሄድ»ን ሲጎትተው የጎደለው ይሞላል። ያልገጠመው ሦስተኛው «ቬ» ብቻ ነው፤ በጥርስ የሚነካ ስለሆነ እተወዋለሁ።

ትርጉሙስ? ቱርክኛው «አትሄድም» ብሎ ቆርጦ ያዝዛል፤ አማርኛው «ብትሄድ» ብሎ ዛቻውን ሳይጨርስ ይተወዋል። በእኔ ግምት አልተጎዳም፤ አማርኛ ተናጋሪ ወንድም ሲዝት ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስም። ትዕይንቱ ፍርድ ቤት ቢሆንና ዳኛ እየተናገሩ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ መፍትሔ አይሠራም ነበር፤ ከከንፈሩ ይልቅ የትእዛዙ ግልጽነት ይበልጥ ነበርና «ሁለተኛ እንዳትሄድ»ን እመርጥ ነበር።

«ታማም» ቀረ። «እሺ» ማለት ቀላሉ ነው፤ ግን ታናሹ በቅርብ እየታየ «ማ» ላይ ከንፈሩን ይገጥማል፣ ገጥሞም ያበቃል። «ሰማሁ» ይሻላል። «ማ» በቦታው አለ፤ መጨረሻው «ሁ» ባይገጥምም ከንፈርን ያጠብበዋል። ወንድምየው «በል ስማኝ» ብሎ ስለጀመረ ደግሞ መልሱ ከአማርኛው ውስጥ የበቀለ ይመስላል።

ታናሹ ወንድም ሳይሆን ታናሽ እህት ብትሆንስ? ቱርክኛው አይለወጥም፤ አማርኛው ግን ይለወጣል። «በይ ስሚኝ» ሲባል ከንፈሩ በቦታው ይገጥማል፣ ነገር ግን በሰፊው በተከፈተ አፍ ላይ ሣልስ ይገባል። በአንጻሩ «ብትሄጂ» አንድ ቀለም ጨምሮ አሥር ያደርሰዋል። ፊት ለፊቱ ይጎድላል፣ ጅራቱ ይረዝማል። የከንፈር መገጠሙ ስለተጠበቀ በአናባቢው ልዩነት አልጨነቅም።

ይህ የጾታ ጉዳይ በየገጹ ይመጣል። ቱርክኛ እሱንና እሷን «ኦ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል፣ አንተንና አንቺንም አይለይም። «ሴን» እና «ሲዝ» ብሎ ግን ቅርበትንና አክብሮትን ይለያል። እንግሊዝኛው ዝርዝር ይህንንም አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ ሲተዋወቁ እርስዎ ተባብለው፣ ከስንተኛው ክፍል በኋላ አንተና አንቺ እንደሚባባሉ ጸሐፊው ቱርክኛውን እየሰማ መወሰን አለበት። አንድ ጊዜ ከተወሰነ በሌላ ክፍል ላይ በሌላ ጸሐፊ እጅ እንዳይፈርስ በመዝገብ ይያዛል። ለታላቅ ወንድም የሚባለው «አቢ» ከንፈር ያስገጥማል፣ «ጋሼ» አያስገጥምም፤ እዚህ ላይ ከንፈሩ ይቅር። በቤተሰብ ውስጥ ያለውን አክብሮት ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ «ጋሼ» የሚለውን ለመሸሽ ወንድምን በስሙ ማስጠራት ታሪኩን ያበላሻል። እናትን የሚጠሩበት «አኔ» ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ከንፈር አያስገጥምም። «እማዬ» ጠብቆ የሚነገር «ም» ያመጣል፣ «እናቴ» አያመጣም። ልቅሶ ላይ «እናቴ» በሁለቱም በኩል ይሠራል። ምሳ ላይ ግን ሕፃን ልጅ «እናቴ፣ ውሃ» አይልም፤ እዚያ «እማዬ» ይባል፣ ከንፈሩ ቢስትም ይሳት።

የሰውነት እንቅስቃሴ ከሦስቱ በጣም የሚረሳው ነው፤ ወረቀት ላይ አይታይምና። በእኛ ዘንድ ቅንድብን ብድግ አድርጎ ትንፋሽን ወደ ውስጥ መሳብ «አዎ» ማለት ነው። በቱርክ ቅንድብን ብድግ ማድረግ፣ አንዳንዴም አገጭን ቀና አድርጎ በምላስ «ጭ» ማለት፣ «አይደለም» ማለት ነው። አንዲት ሴት «አየሽው?» ተብላ ቅንድቧን ብቻ ብታነሣ ቱርካዊ ተመልካች «አላየሁም» ብላ እንደመለሰች ያውቃል፤ የእኛ ተመልካች ደግሞ «አዎ» እንዳለች ይረዳል። ዝርዝሩ ላይ ንግግር ስለሌለ ምንም አልተጻፈም። ጸሐፊው ይህን ካላስተዋለ በሚቀጥለው ትዕይንት ታሪኩ ይጣረሳል። መፍትሔው አፍ ሳይከፈት የሚወጣ ድምፅ ማስገባት ነው፤ «እም-እም» በእምቢታ ዜማ ሲባል የተገጠመ አፍ ይቀበለዋል።

በአሉታ መንገድ መናገርም ከዚህ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ተዋናዩ «ቢሊዮሩም» እያለ ራሱን ላይና ታች ከነቀነቀ፣ «አልጠፋኝም» የሚለው ቃል አፉ ላይ ቢገጥምም ከራሱ ጋር አይሄድም፤ ተመልካቹ የሚያየው አዎንታ፣ የሚሰማው አሉታ ይሆናል። ያን ጊዜ «መች ጠፋኝ» ወይም ተራው «አውቃለሁ» ይመረጣል። አካል ከከንፈር ይልቅ ጎልቶ ይታያልና።

ስክሪፕቱ ስቱዲዮ ሲደርስ ገና አላለቀም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ተዋናይ «አለ» የሚለውን «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ይሁን የሚያውቀው ከዐውዱ ነው፤ በፍጥነት ሲያነብ ዐውዱን ለማየት ጊዜ የለውም። ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ማድረግ፣ ለአጭር ዕረፍት አንድ ሰያፍ መስመር፣ ለረጅም ሁለት ማስቀመጥ፣ ትንፋሽና ሳቅ ያለበትን ቦታ ጽፎ ማሳወቅ ይጠቅማል። ትንፋሽ ይረሳል፤ የዋናው ተዋናይ ትንፋሽ ከድምፁ ጋር አብሮ ስለሚጠፋ ድምፅ ሰጪው ካልተነፈሰው ገጸ ባሕርዩ ሳይተነፍስ የሚናገር ይመስላል።

ቀረጻ ላይ ተዋናዩ የተጻፈውን ይለውጣል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ምላሱ ላይ የሚንከባለል ቃል ዳይሬክተሩ ፊት በሌላ ይተካል። የተለወጠው ቃል ግን ወዲያው ወደ ስክሪፕቱ መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም ድራማ ትዝታ ይወዳል። ታናሹ ወንድም ከሠላሳ ክፍል በኋላ ወደዚያ ቤት ሲሄድ፣ ያው ፊት፣ ያው ከንፈር እንደገና ይታያል፤ የዚያን ዕለት ተረኛ የሆነው ጸሐፊ አሮጌውን ወረቀት ካላገኘ ታላቁ ወንድም በትዝታው ውስጥ ሌላ ቃል ይናገራል። ስለዚህ ከቀረጻ የወጣው የመጨረሻው ንባብ፣ ክፍሉና ሰዓቱ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ «በል ስማኝ። ወደዛ ቤት ከእንግዲህ ብትሄድ!»፣ ቀጥሎም ለውጥ ካለ በስሩ።